ፎቶ ላይ ያረፈ ጽሑፍ፦ ቋንቋው ሲቀየር ንባቡስ ይተርፋል?

ጳጉሜን ሲገባ የእንኳን አደረሳችሁ ፖስተሮች በቴሌግራምና በፌስቡክ መጉረፍ ይጀምራሉ። ብዙዎቹ ከባዶ የተሠሩ አይደሉም። በእንግሊዝኛ ከተዘጋጀ ቴምፕሌት ላይ ጽሑፉ ተነሥቶ አማርኛ የተተካባቸው ናቸው። ቴምፕሌቱን ያዘጋጀው ባለሙያ ለራሱ ጽሑፍ የሚሆን ቦታ ከፎቶው ላይ መርጧል፤ ቀለሙንም የመረጠው ከዚያ ቦታ ጋር አስተያይቶ ነው። ጽሑፉ ሲቀየር ግን ይህ ምርጫ አብሮ አይሻገርም። አዲሱ ጽሑፍ ርዝመቱ ሌላ ነው፣ የመስመሩ ብዛት ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ፎንቱ ሌላ ነው። ፎቶው ብቻ ባለበት ይቀራል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሲታይ ደህና የሚመስለው ሥራ ስልክ ላይ ሲደርስ ግማሽ ቃሉ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ያንን መጥፋት አስቀድሞ እንዴት መለካት እንደሚቻል፣ መለኪያው የት ላይ እንደሚያታልል፣ መፍትሔ ተብለው ከሚሠራባቸው ዘዴዎችም የትኛው እንደሚያዋጣ ነው።

መለኪያው ራሱ አዲስ አይደለም። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የተደራሽነት መመሪያ ሁለተኛ እትም ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ በ2018 እና በ2023 በወጡት ማሻሻያዎችም ሳይለወጥ ቀጥሏል። የፊደሉን ቀለምና የጀርባውን ቀለም ብርሃን ወስዶ፣ በእያንዳንዱ ላይ 0.05 ደምሮ፣ የደማቁን ለጨለማው ያካፍላል። ሁለቱ ቀለማት አንድ ከሆኑ ውጤቱ 1 ነው፤ ጥቁርና ነጭ ከሆኑ 21 ነው። ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ይጠየቃል። ትልቅ የሚባለው በድረ ገጽ ልኬት 24 ፒክስል ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከ18.7 ፒክስል ገደማ የሚጀምር ጽሑፍ ነው። የ4.5 ቁጥር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ቀደም ሲል ለጤናማ ዓይን ዝቅተኛ ተብሎ የተቀመጠው 3 ሲሆን፣ የማየት አቅሙ በመጠኑ ለቀነሰ ሰው እንዲበቃ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ነው 4.5 የሆነው።

ይህ ሁሉ ጀርባው አንድ ወጥ ቀለም ሲሆን ቀላል ነው። ፎቶ ግን ወጥ ቀለም የለውም። ችግሩን በቅርብ ለማየት አንድ ፖስተር እንውሰድ፤ ቀለማቱን ለምሳሌ እንዲሆኑ እኔ መርጫቸዋለሁ፣ ስሌቱ ግን በመመሪያው ቀመር የተሠራ ነው።

ፖስተሩ ወርዱም ቁመቱም 1080 ፒክስል ነው። ከላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ሰማይ አለ፤ መሀሉ ላይ በጥላ የጨለመ አረንጓዴ ተራራ፣ ከታች የአደይ አበባ ማሳ። በእንግሊዝኛው ቴምፕሌት ላይ የአዲስ ዓመት ምኞቱ ሦስት አጫጭር ቃላት ነው፤ በነጭ ቀለም በአንድ መስመር ተራራው ላይ ተቀምጧል። ተራራው #2F3E2C ቢሆን ነጭ ጽሑፍ በላዩ 11.4 ያገኛል። ከሚጠየቀው እጥፍ በላይ ነው፤ አዘጋጁ ያለ ሐሳብ መልቀቁ አያስገርምም።

አሁን ጽሑፉ «እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» ተብሎ ይቀየር። አምስት ቃል ነው፤ በዚያው የፊደል መጠን አንድ መስመር አይበቃውም። «በሰላም አደረሳችሁ» ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል፣ የሚወርድበትም ቦታ የአበባው ማሳ ነው። የአደይ አበባን ቢጫ #FFD400 ብንለው ነጭ ጽሑፍ በላዩ የሚያገኘው 1.4 ብቻ ነው። ጽሑፉን ወደ ላይ ገፍተን የመጀመሪያውን መስመር ወደ ሰማዩ ብናወጣው ደግሞ #A9C6E0 ላይ 1.8 ይሆናል። አንድ ፎቶ፣ አንድ የጽሑፍ ቀለም፣ ሦስት ውጤት፦ 11.4፣ 1.8 እና 1.4። «ይህ ፖስተር ኮንትራስቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ፊደል በተቀመጠበት ቦታ ስንት እንደሆነ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው እርምጃ ነው። ጽሑፉ ያረፈበትን አራት ማዕዘን ወስዶ አማካይ ቀለሙን ያወጣል፤ ከዚያ ያንን አንድ ቀለም ከጽሑፉ ቀለም ጋር ያነጻጽራል። አቋራጩ ፈጣን ነው፣ ግን ይዋሻል። ሁለተኛው መስመር ያረፈበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሳይሆን ከመቶው 80 እጁ እንደ ተራራው የጨለመ ቅጠል፣ 20 እጁ የአበባ ቅጠል ነው እንበል። የዚህ ቦታ አማካይ ብርሃን ከነጭ ጋር ሲነጻጸር 4.8 ገደማ ይሰጣል። 4.5ን አልፏል፤ በወረቀት ላይ ፖስተሩ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ነገር ግን በአበባው ላይ ያረፈው የፊደል ክፍል አሁንም 1.4 ነው። አንባቢ አማካይን አያነብም። ከ«አደረሳችሁ» ውስጥ የ«ረ» እግርና የ«ሳ» አንድ ጎን አበባ ላይ ካረፉ እነሱ ይጠፋሉ፤ የቀሩት ፊደላት ምንም ያህል ቢደምቁ አይመልሷቸውም።

ስለዚህ መለካት ያለበት አማካዩ ሳይሆን የከፋው ነው። በጣም የከፋውን አንድ ፒክስል ብቻ መውሰድ ደግሞ ያለ ምክንያት ያስጨንቃል፤ በፎቶ ውስጥ እዚህም እዚያም የሚያብለጨልጭ ነጠላ ፒክስል አይጠፋም፣ ንባብንም አይጎዳም። እኔ የምመርጠው ከመቶ አምስተኛውን ነው፦ የቦታውን ፒክስሎች ሁሉ ከከፋው ወደ ተሻለው ደርድሮ፣ ከመቶው አምስት እጁ ሲታለፍ የሚገኘውን ቁጥር ማየት። እሱ 4.5 ካለፈ ቦታው ይታመናል። ይህ የእኔ መስፈርት እንጂ የመመሪያው አይደለም፤ መመሪያው በፎቶ ላይ ስንት ነጥብ ይለካ የሚል ቁጥር አላስቀመጠም።

ለዚህ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ፓይተንና ፒሎ የተባለው የምስል ቤተ መጻሕፍት ያለው ሰው በሚከተለው ኮድ ይለካዋል። ፋይሉ ጽሑፉ ከላዩ የተነሣ ፎቶ ብቻ መሆን አለበት፤ ጽሑፉ ካለበት የፊደሉ ነጭም አብሮ ይቆጠርና ውጤቱን ያበላሻል።

```python
from PIL import Image

def lin(c):
    c /= 255
    return c / 12.92 if c <= 0.04045 else ((c + 0.055) / 1.055) ** 2.4

def lum(p):
    return 0.2126*lin(p[0]) + 0.7152*lin(p[1]) + 0.0722*lin(p[2])

def ratio(a, b):
    return (max(a, b) + 0.05) / (min(a, b) + 0.05)

bg = Image.open("bg.png").convert("RGB").resize((360, 360))
box = bg.crop((30, 250, 330, 310))
text = lum((255, 255, 255))
r = sorted(ratio(text, lum(p)) for p in box.getdata())
print(r[0], r[len(r) // 20])
```

መጀመሪያ የሚታተመው ቁጥር የከፋው ፒክስል ነው፤ ሁለተኛው ከመቶ አምስተኛው ነው። በ`crop` ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የጽሑፉ ሳጥን የግራ፣ የላይ፣ የቀኝና የታች ጠርዞች ናቸው። በየመስመሩ ለየብቻ መለካት ይገባል፤ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ሳጥን መክተት የመጀመሪያው መስመር ደህንነት የሁለተኛውን ችግር እንዲሸፍን ማድረግ ነው።

ኮዱ ፎቶውን መጀመሪያ ወደ 360 ማሳነሱን ልብ በሉ። የብዙ አንድሮይድ ስልኮች ወርድ በድረ ገጽ ልኬት 360 ፒክስል ነው፤ 1080 ሆኖ የተሠራ ፖስተር እዚያ ላይ በሦስት እጥፍ ያንሳል። ዲዛይን ሲሠራ 48 ሆኖ የተቀመጠ ፊደል በስልኩ ላይ 16 ሆኖ ይታያል። ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ግዙፍ የሚመስለው ጽሑፍ በመመሪያው ዓይን ተራ ጽሑፍ ነው፤ የሚጠየቀውም 3 ሳይሆን 4.5 ነው። በትልቅ ጽሑፍ ሚዛን መለካት የሚፈልግ ሰው በ1080ው ፖስተር ላይ ቢያንስ 72 መጠቀም አለበት። ፖስተሩ በቻት ውስጥ ሳይከፈት በትንሹ ሲታይ ደግሞ ልኬቱ ከዚህም ይወርዳል፤ ወርዱ 240 ላይ ቢያርፍ ያ 48 የነበረው ፊደል 11 እንኳ አይሞላም።

ማነስ ከመጠኑ ሌላ ተጨማሪ ነገርም ያመጣል። በ1080ው ላይ ሦስት ፒክስል ውፍረት የነበረው የፊደል መስመር በ720 ፒክስል ስክሪን ላይ ሁለት ፒክስል ይሆናል፤ በቻቱ ውስጥ ሲያንስ ደግሞ ወደ አንድ ይጠጋል። አንድ ፒክስል ያልሞላ መስመር በንጹሕ ነጭ አይሣልም፤ ከጀርባው ቀለም ጋር ተደባልቆ ግራጫ ይሆናል። ቀመሩ ግን ነጩን ነው የለካው። ስለዚህ ቀጭን ፎንት በወረቀት ላይ 4.5 ቢያገኝም ዓይን የሚያየው ከዚያ በታች ነው። በዚህ ላይ መልእክት መላኪያ መተግበሪያዎች ፎቶን ሲልኩ እንደገና ይጨምቁታል፤ የፊደሉ ጠርዝ በዚያ ጊዜ ይበልጥ ይበላል፣ በተለይ ጽሑፉ ነጭ ወይም ጥቁር ሳይሆን ባለ ቀለም ከሆነ።

የግእዝ ፊደል በዚህ ሁሉ ከላቲኑ ይልቅ ተጎጂ ነው። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በቀኙ እግር መሀል ወይም ግርጌ ላይ ያለች አንዲት አጭር ጭረት ናት። ጭረቷ ከጠፋች የሚቀረው «በ» ነው፤ ይህም ራሱ ትክክለኛ ፊደል ስለሆነ አንባቢው የጎደለ ነገር መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል። «ይመዝገቡ» እና «ይመዝግቡ» የሚለዩት በአንዲት ፊደል ቅርጽ ነው፤ የመጀመሪያው ተመዝጋቢውን ይጠራል፣ ሁለተኛው መዝጋቢውን ያዛል። መመሪያው ትልቅ ጽሑፍን ሲተረጉም ለቻይንኛ፣ ለጃፓንኛና ለኮሪያኛ ፊደላት ተመጣጣኝ መጠን ይወሰድ ብሎ ለይቶ ያነሣል፤ ስለ ኢትዮጵያ ፊደል ግን ያለው ነገር የለም። በእኔ ግምት ለአማርኛ የ3ን ፈቃድ መጠቀም ተገቢ አይደለም። መጠኑ ምንም ቢሆን 4.5ን እንደ ወለል መያዝ ይሻላል፤ ጽሑፉ ቀጭን ከሆነ ደግሞ መመሪያው ለከፍተኛው ደረጃ ያስቀመጠውን 7።

ፎንቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ቴምፕሌቱ የተሠራበት የላቲን ፎንት የአማርኛ ፊደል ከሌለው መሣሪያው ሳይነግረን ሌላ ፎንት ይተካል። አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ በአፕል መሣሪያዎች ላይ ከፋ፣ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ሊሆን ይችላል። ኒያላ ቀጭንና ወፍራም መስመሮችን የሚያፈራርቅ የመጽሐፍ ፎንት ነው፤ ቀጫጭን መስመሮቹ በፎቶ ላይ በቀላሉ ይዋጣሉ። እንግሊዝኛው በጣም ወፍራም ሆኖ ተሠርቶ ሳለ አማርኛው በተራ ውፍረት የሚወጣበት ጊዜም ብዙ ነው። የመለኪያው ቁጥር አይለወጥም፤ ንባቡ ግን ተለውጧል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የሚታየው ፎንት የትኛው እንደሆነና ወፍራሙ በእርግጥ ወፍራም መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ጽሑፉ በምስሉ ውስጥ ሳይሆን በድረ ገጽ ወይም በመተግበሪያ ላይ ከፎቶ በላይ የተቀመጠ ከሆነ ጉዳዩ በአንድ መልኩ ይከፋል። በስፋት የሚሠራበት አክስ የተባለው የተደራሽነት መፈተሻ ከጽሑፉ ጀርባ ፎቶ ሲያገኝ «አላለፈም» አይልም፤ ቀለሙን መወሰን አልቻልኩም ብሎ ለሰው ምርመራ ያስቀምጠዋል። ሪፖርቱ ላይ ቀይ ስላልበራ ብቻ ያለፈ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ያ ዝርዝር ሁልጊዜ መከፈት አለበት። ፎቶውም በስልክ ላይ ሌላ ፎቶ ነው። 1600 በ900 የሆነ ምስል 360 በ640 የሆነን ቦታ ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍን `object-fit: cover` ከተባለ፣ ከወርዱ የሚታየው ሲሶው ብቻ ነው። በኮምፒውተር ላይ ከጽሑፉ ጀርባ የነበረው ጨለማ ጥግ ስልኩ ላይ ተቆርጦ ወጥቷል፤ በምትኩ የገባው ምናልባት የሰው ነጭ ሸማ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ስክሪኑን በ320 እና በ360 ወርድ ከፍቶ፣ ጽሑፉን ደብቆ፣ የታየውን ፎቶ አንሥቶ በዚያ ላይ መለካት ነው ያለው መንገድ።

ወደ መፍትሔዎቹ ስንመጣ የመጀመሪያው ወደ አእምሮ የሚመጣው የፊደሉን ቀለም መቀየር ነው። በአደይ አበባው ቢጫ ላይ ጥቁር ጽሑፍ 14.7 ያገኛል፤ ግን ያው ጥቁር ጽሑፍ በጨለማው ተራራ ላይ ከ2 አያልፍም። ጽሑፉ ሁለቱንም የሚነካ ከሆነ የትኛውም ቀለም አያድነውም። የሚያድነው በፎቶውና በጽሑፉ መካከል የሚገባ ነገር ነው።

በብዛት የሚሠራበት ከጽሑፉ ጀርባ ከፊል የሚያሳይ ጥቁር ሽፋን መጣል ነው። እዚህ ላይ በዓይን ከመገመት ይልቅ አንዴ አስልቶ መያዝ ይቻላል። ከሽፋኑ በታች ሊኖር የሚችለው የከፋ ነገር ፍጹም ነጭ ነው። በነጭ ላይ የተጣለ ጥቁር ሽፋን 54 በመቶ ከሆነ በላዩ ያረፈ ነጭ ጽሑፍ 4.5 ያገኛል፤ 42 በመቶ ከሆነ 3፤ 65 በመቶ ከሆነ 7። እነዚህ ቁጥሮች ፎቶው ምንም ይሁን ምን ይሠራሉ፤ ፎቶው በየጊዜው ለሚቀያየርበት መተግበሪያ ዋጋቸው ትልቅ ነው። በቴምፕሌቶች ላይ የማየው ሽፋን ግን ፎቶው እንዳይደበዝዝ እየተባለ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። በእኛ ምሳሌ 40 በመቶ ሽፋን አበባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከ1.4 ወደ 3.9 ያወጣዋል፤ 54 በመቶ ደግሞ ወደ 6 ያደርሰዋል። ፎቶውን ሙሉ ማጨለም የማይፈልግ ሰው ሽፋኑን ከጽሑፉ ጀርባ ብቻ መጣል ይችላል። ከታች ጨለም ብሎ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄደው ሽፋን ግን በተቀየረ ጽሑፍ ላይ አደገኛ ነው፤ አንድ መስመር ሲጨምር ጽሑፉ ሽፋኑ ወደ ሳሳበት ቦታ ይወጣልና።

ጥላ መጣል ሁለተኛው ልማድ ነው። ለስላሳ ጥላ የፊደሉን ውጪ ያጨልማል እንጂ የውስጡን ክፍት ቦታ በእኩል አያጨልምም፤ አንሶ ሲታይም ጥላው ራሱ ወደ ብዥታ ይለወጣል። ጠንካራ ጥቁር ዙሪያ መሥመር ይሻላል፤ በእሱ ላይም ቢሆን ከወፈረ በ«ጨ»፣ በ«ሐ» እና በ«ቋ» ውስጥ ያለውን ጠባብ ክፍተት ይደፍነዋል። ለአጭር ርእስ እንጂ ለአድራሻና ለሰዓት አልመክረውም። ፎቶውን ከጽሑፉ ጀርባ ብቻ ማደብዘዝ አበባና ቅጠሉን ያዋሕዳል፤ ነገር ግን ቦታውን ወደ አማካዩ ስለሚያመጣው እንጂ ስለሚያጨልመው አይደለም፣ ስለዚህ ከቀላል ሽፋን ጋር ካልተጣመረ ብቻውን አይበቃም።

አንድ ገደብ ከቀመሩ ውጭ አለ፤ ፀሐይ። የስልክ ስክሪን ነጩ 300 ካንዴላ በካሬ ሜትር ቢሰጥና ከውጭ የሚንጸባረቀው ብርሃን 50 ቢሆን፣ ያ 50 በፊደሉም በጀርባውም ላይ ይደመራል። በቤት ውስጥ 4.5 የነበረው ጽሑፍ ወደ 3.3 ይወርዳል፤ ተራራው ላይ 11.4 የነበረው እንኳ 5.6 ይሆናል። ልክ 4.5 ላይ የቆመ ሥራ ውጭ ሲወጣ ወለሉን እንደሚሰብር ከዚህ ይታያል። የጉዞ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የታክሲ ወይም የአውቶቡስ መነሻ መረጃ መንገድ ላይ የሚነበብ ስለሆነ ለእነዚህ 7 ላይ መነሳት አስተዋይነት ነው።

ቀመሩ ራሱም ተቺዎች አሉት። አንድሩ ሶመርስ የሚባል ባለሙያ ያዘጋጀው ሌላ መለኪያ የፊደሉን ውፍረትና መጠን፣ እንዲሁም ጨለማ በብርሃን ላይ ነው ወይስ ብርሃን በጨለማ ላይ ያረፈው የሚለውን አብሮ ያያል፤ የድሮው ቀመር በሁለት ጨለማ ቀለማት መካከል ያለውን ልዩነት አጋንኖ እንደሚያሳይም ያመለክታል። ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ነገር ግን እስካሁን በሥራ ላይ ያለው ደረጃ የድሮው ነው፤ ለፎቶ ላይ ጽሑፍ ደግሞ ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከቀመሩ ሳይሆን ከምንለካበት ቦታና መጠን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ምን ዓይነት ጽሑፍ ፎቶ ላይ ይውጣ የሚለው ነው። ያው መመሪያ ጽሑፍን በምስል ውስጥ ከመክተት ይልቅ በጽሑፍነቱ ማስቀመጥን ይጠይቃል፤ በምስል ውስጥ ያለ ፊደል አይሰፋም፣ አይገለበጥም፣ ዓይነ ስውራን በሚጠቀሙበት ድምፅ አንባቢም አይነበብም። የምኞት ቃል ግማሹ ቢጠፋ ሰው ይገምተዋል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዋጋና የስልክ ቁጥር ግን አይገመቱም። ፖስተር የምታዘጋጁ ሁሉ፣ እነዚህን ወጥ ቀለም ባለው መደብ ላይ አውርዷቸው፤ ምስሉን ስትልኩም በሥሩ በተራ ጽሑፍ ድገሟቸው።